የእርሳስ-አሲድ ባትሪ በቆላ ለምን ቶሎ ያረጃል?

በአንድ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ መግለጫ ላይ «10 ዓመት» ተብሎ የሚጻፈው የአገልግሎት ዘመን ብቻውን የቆመ ቁጥር አይደለም፤ በግርጌው በደቃቅ ፊደል 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በብዙ የአውሮፓ አምራቾች ዘንድ ደግሞ 20 ዲግሪ የሚል ቅድመ ሁኔታ ይከተለዋል። የዘርፉ ባለሙያዎች ከዚህ መነሻ ሙቀት በላይ ላለው ሁኔታ የሚገለገሉበት ግምታዊ ሕግ አጭር ነው፦ ባትሪው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የእርጅናው ፍጥነት በእጥፍ ይጨምራል። በ25 ዲግሪ 10 ዓመት ያገለግላል የተባለው ባትሪ ዘወትር በ35 ዲግሪ ቢቀመጥ 5 ዓመት፣ በ45 ዲግሪ ቢቀመጥ ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ይቆያል ማለት ነው። ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ለተጠባባቂ ባትሪ ነው፤ ይህም በቴሌኮም ማማ ሥር፣ በሆስፒታል ወይም በኮምፒውተር ክፍል ከቻርጀር ጋር ተያይዞ ሞልቶ የሚቆምና መብራት ሲጠፋ ብቻ ሥራ የሚጀምር ባትሪ ነው።

ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ይህ ባትሪ በመሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። በእያንዳንዱ የባትሪ ክፍል፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት ፕሌቶች በውኃ በተቀነሰ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይቆማሉ፤ ኔጌቲቩ ፕሌት እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ንጹሕ እርሳስ ሲይዝ፣ ፖዘቲቩ እርሳስ ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጥቁር ቡናማ ውሁድ ይይዛል። ሴሉ 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ ስድስት ሴሎች አሉት። ውሁዱ በራሱ ጥንካሬ ስለሌለው ከእርሳስ በተሠራ ፍርግርግ ላይ ተለስኖ ይቀመጣል፤ ፍርግርጉም ልስኑን ደግፎ ይይዛል፣ ኤሌክትሪኩንም ሰብስቦ ወደ ባትሪው ራስ ያደርሳል። የባትሪው ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው በዚህ ፍርግርግ፣ በተለይም በፖዘቲቩ ፍርግርግ ዕድሜ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ፍርግርጉና ልስኑ ከአንድ ንጥረ ነገር በመሠራታቸው ነው። እርሳስ፣ በአሲድ ውስጥ ከእርሳስ ዳይኦክሳይድ ጋር ተጣብቆና በቻርጀር ከፍተኛ ቮልቴጅ ተይዞ ሲኖር፣ እንዳለ ሊዘልቅ አይችልም፤ ከገጹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ራሱ ወደ እርሳስ ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ዝገት በአሠራር ጉድለት የሚመጣ ሳይሆን በደንብ ተሞልቶ በተያዘ ባትሪ ውስጥም ቀንና ሌሊት የሚካሄድ ሂደት ነው፤ የዛገው ሽፋን በከፊል ከሥሩ ያለውን እርሳስ ስለሚከልል ብቻ ፍርግርጉ በሳምንታት ሳይሆን በዓመታት ይበላል። የሚፈጠረው ዳይኦክሳይድ ከጠፋው እርሳስ ይልቅ 40 በመቶ ያህል የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም፣ ሽፋኑ ፍርግርጉን እየወጠረ ያስረዝመዋል። ፍርግርጉ ሲለጠጥ ልስኑ ከዘንጎቹ ይላቀቃል፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ይጠብባል፣ በመጨረሻም ዘንጎቹ ተበልተው ይሰበራሉ። ከውጭ የሚታየው ምልክት የፖዘቲቩ ራስ ወደ ላይ መገፋትና በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ መሰንጠቅ ነው፤ ይህ በታየበት ባትሪ ውስጥ ያለው ፕሌት ከመያዣው በላይ አድጓል ማለት ነው።

ሙቀት ይህን ሂደት የሚያፋጥንበት መንገድ በመጀመሪያ እይታ ግራ ያጋባል። ከ25 ወደ 35 ዲግሪ መሸጋገር ከፍጹም ዜሮ ተነሥቶ ሲለካ እጅግ ትንሽ ለውጥ ነው፤ የቅንጣቶቹ አማካይ የእንቅስቃሴ ኃይል ከ3 በመቶ ትንሽ በላይ ብቻ ይጨምራል። ሦስት በመቶ እንዴት አድርጎ መቶ በመቶ ሆነ ለሚለው ጥያቄ ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንት አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 የሰጠው ማብራሪያ፣ በኬሚካዊ ለውጥ የሚሳተፉት ሁሉም ቅንጣቶች ሳይሆኑ የተወሰነ የኃይል ደፍ ማለፍ የቻሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚል ነው። ሙቀቱ በጥቂቱ ሲጨምር አማካዩ እምብዛም ባይነቃነቅም፣ ከደፉ በላይ ያሉት ጥቂቶች ቁጥር ግን በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ስንት እጥፍ እንደሚያድግ የሚወስነው የደፉ ከፍታ ነው፤ በእርሳስ ዝገት ረገድ ይህ ከፍታ ለ10 ዲግሪ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ውጤት በሚሰጥበት አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ «ሁለት» የሚለው ቁጥር የተፈጥሮ ቋሚ ሕግ ሳይሆን ለዚህ ሂደት በአጋጣሚ የሚስማማ ክብ ቁጥር ነው፤ በአሜሪካ ያሉ መሐንዲሶች ለምሳሌ ዕድሜውን በግማሽ የሚቀንሰው 8 ዲግሪ ገደማ እንደሆነ አድርገው ያሰላሉ።

ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ዋነኛው የቦታውን አማካይ ሙቀት ወስዶ ማስላት ነው። በአፋር ቆላ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን በሚያልፍበት አካባቢ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ የብረት ሳጥን ውስጥ ያለ ባትሪ ለማሳያ ይወሰድ፤ ባትሪው ራሱ በየቀኑ 8 ሰዓት በ25፣ 8 ሰዓት በ35፣ 8 ሰዓት ደግሞ በ45 ዲግሪ ይቆያል እንበል። አማካዩ 35 ዲግሪ ስለሆነ፣ በአማካዩ ያሰላ ሰው ባለ 10 ዓመቱ ባትሪ 5 ዓመት ይቆያል ይላል። ሰዓት በሰዓት ሲሰላ ግን፣ ቀዝቃዛዎቹ 8 ሰዓታት እንደ 8፣ መካከለኛዎቹ እንደ 16፣ ሞቃቶቹ እንደ 32 ሰዓት ይቆጠራሉ፤ ባትሪው በአንድ ቀን የ56 ሰዓት ያህል ያረጃል፣ ዕድሜውም 4 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይሆናል። ከቀኑ እርጅና ከግማሽ በላይ የሆነው በእነዚያ 8 ሞቃት ሰዓታት የሚፈጸም ሲሆን፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ቀን የጠፋውን አይመልስም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተግባራዊ ነው። በዚሁ ሳጥን ላይ ጥላ ተሠርቶለት በሞቃቶቹ ሰዓታት የባትሪው ሙቀት ከ45 ወደ 40 ዲግሪ ቢወርድ፣ ዕድሜው ወደ 5 ዓመት ከ2 ወር ያድጋል፤ ማለትም አንድ ቆርቆሮ ከፍ ተደርጎ መመታቱ የ10 ወር ያህል ዕድሜ ይጨምራል። ያው 5 ዲግሪ የተቀነሰው በሌሊቱ ሰዓታት ቢሆን ኖሮ ትርፉ ከሁለት ወር ብዙም ባልበለጠ ነበር። ባትሪ ከባድ እንደመሆኑ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅና ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ መለካት ያለበትም የአየሩ ሳይሆን የራሱ የባትሪው ሙቀት ነው። ጥላ ብቻውን የማይበቃበትም ቦታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ በተመዘገበው በዳሎል፣ ሙሉ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ እንኳ ግማሽ ዕድሜውን ያጣል።

ሙቀት በሁለተኛ መንገድም ይጎዳል፤ ይኸኛው ግን በቻርጀሩ አማካይነት የሚመጣ በመሆኑ ሊታረም የሚችል ነው። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ባትሪው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሞልቶም እያለ የሚስበው ኮረንት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ትርፉ ኮረንት ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይበትናል፣ ራሱም ሙቀት ይፈጥራል። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ ይህ የውኃው መጠን ቶሎ ቶሎ በመጉደሉ ስለሚታወቅ የባትሪ ውኃ በመጨመር ይተካል። በገበያው ደረቅ እየተባለ በሚጠራው፣ አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ወይም በጄል በተያዘበት ድፍን ባትሪ ላይ ግን የጎደለው ውኃ አይተካም፤ ሙቀቱ ኮረንትን፣ ኮረንቱ ሙቀትን እያሳደገ ሄዶ ባትሪው አብጦ የሚቀልጥበት አደጋም የሚደርሰው በእንዲህ ያለው ባትሪ ላይ ነው። መከላከያው ባትሪው ሲሞቅ ቮልቴጁን የሚቀንስ ቻርጀር ነው። በተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ሴል በአንድ ዲግሪ 3 ሚሊቮልት ቢቀነስ፣ በ25 ዲግሪ 13.6 ቮልት የሚሰጠው ቻርጀር በ45 ዲግሪ ወደ 13.24 መውረድ አለበት። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ባትሪው ላይ መታሰር ሲገባው በቻርጀሩ ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ቻርጀሩ የሚያርመው የራሱን ሙቀት እንጂ የባትሪውን አይደለም። ማስተካከያው በትክክል ቢሠራም ትርፉን ጉዳት ያስቀራል እንጂ ከላይ የተሰላውን መሠረታዊ እርጅና አያስቀርም።

ሕጉ ወደ ታች ሲሠራበት እንደ ወደ ላዩ አይታመንም። አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነው በአዲስ አበባ የተቀመጠ ባትሪ፣ በስሌቱ መሠረት 10 ዓመቱ ወደ 18 ወይም 20 ዓመት አያድግለትም፤ ዝገቱ ሲዘገይ ሌሎች የእርጅና ምክንያቶች፣ በተለይም ሳይሞላ በቆየ ፕሌት ላይ የሚጠነክረው የእርሳስ ሰልፌት፣ ቀድመው ይደርሳሉ። በየምሽቱ ጠልቆ የሚራገፍ የሶላር ባትሪም እንዲሁ ነው፤ እርሱን የሚጨርሰው ከዓመታቱ ይልቅ የመሙላትና የመራገፍ ዙር ብዛት ስለሆነ፣ የሙቀቱ ሕግ የዕድሜውን አንድ ክፍል ብቻ ይነግራል።

ሙቀት የሚያደርሰውን ጉዳት ለማወቅ የሚያስቸግረው፣ በዕለቱ ሲታይ ሙቀቱ ለባትሪው የሚስማማ መምሰሉ ነው። አሲዱ ሲሞቅ በልስኑ ቀዳዳዎች ውስጥ በቀላሉ ስለሚዘዋወር፣ ሞቃት ባትሪ ከቀዝቃዛው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ቆላ ላይ ሞተር ያለችግር ሲያስነሣ የከረመ ባትሪ ደጋ ወጥቶ በማግስቱ ማለዳ እንቢ የሚለው፣ ቅዝቃዜው ስለገደለው ሳይሆን ሙቀቱ የገደለውን ስለገለጠው ነው። ለዚህም ነው የአቅም ፈተና ውጤት ወደ 25 ዲግሪ ተመልሶ መነበብ ያለበት። በ40 ዲግሪ ተፈትኖ ከተጻፈበት አቅም 90 በመቶ የሰጠ ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 በመቶ ሲታሰብለት፣ እውነተኛ አቅሙ 83 በመቶ ያህል ነው። ተጠባባቂ ባትሪ እንዲቀየር የሚመከረው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ፈጣን በመሆኑ፣ በ90 በመቶው ተማምኖ ለዓመት የተተወው ባትሪ መብራት በጠፋበት ቀን የሚጠበቅበትን ሰዓት ላያሟላ ይችላል።