መሐመድ በበዛበት አዳራሽ ወረፋ እንዴት ይከፈላል?

በስብሰባ መግቢያ ላይ ወረፋን ለመክፈል የተለመደው ዘዴ ጠረጴዛዎችን በስም ፊደል መለየት ነው። ካርቱም ላይ ግን ይህ አያዋጣም። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ የተካሄደባት ይህች ከተማ ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ብዙ እንግዳ ተቀብላለች። ሱዳናውያን እንደ እኛው ከራስ ስም ቀጥለው የአባትና የአያት ስም ይጠራሉ። ዝርዝሩ በራስ ስም ሲደረደር መሐመዶችና አሕመዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይከመራሉ፤ ጎረቤቱ ያለው አስተናጋጅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

የአጻጻፉ ነገርም አለ። አሕመድ በዐረብኛ አሊፉ ላይ ሐምዛ ሲኖረውና ሳይኖረው ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ኃይሉ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሲጻፍ እንደሚሆነው ማለት ነው። ፈላጊው አንዱን ጽፎ ሌላውን ሲያጣ «አልተመዘገቡም» ይላል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ቁጥር መስጠት ነው። ኤክሴል ውስጥ የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ከሆነ፣ በባዶ ዓምድ ይህን ጽፎ ወደ ታች መጎተት ይበቃል፦

```
=TEXT(ROW()-1,"000")
```

ወዲያው ዓምዱን ገልብጦ እሴቱን ብቻ መልሶ መለጠፍ ያስፈልጋል። አለዚያ ዝርዝሩ እንደገና ሲደረደር የሰዎቹ ቁጥር ይቀያየራል፤ ባጁ አንድ ቁጥር፣ ለእንግዳው የተላከው መልእክት ሌላ ይሆናል። ከዚያ ስሙና ቁጥሩ በዎርድ ፖስታ ማዋሃጃ ወደ ባጁ ይገባሉ። ስሙ ከሁለት ሜትር እንዲነበብ ጎላ ይበል፤ ባጅ አንገት ላይ ስለሚገለበጥ በሁለቱም ገጽ ይታተም። ቁጥሩ ለእንግዳው ቀድሞ በስልክ መልእክት ይላካል።

አሁን 600 እንግዶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣሉ እንበል፤ በደቂቃ 10 ሰው ማለት ነው። አምስት ጠረጴዛዎች እያንዳንዱን በ30 ሰከንድ ቢያስተናግዱ አቅማቸው ልክ 10 ነው። እንግዳ ግን እኩል ተራርቆ አይመጣም፤ አውቶቡስ ሲያራግፍ ወረፋው ይረዝማል፣ ትርፍ አቅም ስለሌለም አይቀንስም። ባጆቹ ቀድመው ታትመው በቁጥር ተራ በሣጥን ከተቀመጡና ፊርማ ካልተጠየቀ ግን 20 ሰከንድ ይበቃል፤ አቅሙ በደቂቃ ወደ 15 ሰው ይወጣል።

ጠረጴዛዎቹ በመጨረሻው አሃዝ ይከፈሉ፤ አንደኛው 0ንና 1ን፣ ሁለተኛው 2ንና 3ን እያለ ይቀጥላል። «ከ1 እስከ 120» ተብሎ ቢከፈል ኖሮ አብረው የተመዘገቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ተከታታይ ቁጥር ስለሚይዙ ከአውቶቡስ ወርደው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰለፉ ነበር።

ስሙ የተሳሳተ፣ ቁጥሩን የረሳ ወይም ያልተመዘገበ ሰው ወደ ስድስተኛ ጠረጴዛ ይላካል። ማተሚያውና ኮምፒውተሩ እዚያ ብቻ ይሁኑ፤ መብራት ቢጠፋ አምስቱ በወረቀትና በሣጥን ይቀጥላሉ። አንድ እንግዳ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆሞ ከታየ ጉዳዩ የስድስተኛው ነው፤ አራት ደቂቃ ቢቆም ከኋላው 12 ሰው ያስጠብቃል።