ካዝናው ራሱ ቢሰረቅስ?

ፓስወርድ ማናጀር ተጠቀሙ ሲባል ብዙ ሰው “ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጬ ያ ቦታ ቢዘረፍስ?” ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ደርሶም ታይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ላስትፓስ የተባለው ታዋቂ ኩባንያ ተሰብሮ የደንበኞቹ ካዝናዎች ቅጂ ተወሰደ። የድረ ገጾቹ አድራሻ ስላልተመሰጠረ ሌቦቹ ማን በየትኛው ባንክ እንደሚጠቀም ማየት ይችሉ ነበር። የይለፍ ቃሎቹ ግን ተመስጥረዋል፤ መፍቻውም ኩባንያው ዘንድ አልነበረም።

መፍቻው የሚሠራው በደንበኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ እሱ ብቻ ከሚያውቀው ዋና የይለፍ ቃል ነው። ፕሮግራሙ ቃሉን በአንድ የሒሳብ ቀመር ደጋግሞ ያሳልፈዋል፤ በላስትፓስ በወቅቱ የተለመደው 100,100 ጊዜ ነበር። ለባለቤቱ የቅጽበት ጉዳይ ነው፤ የሚገምት ሌባ ግን በእያንዳንዱ ግምት ይህን ሁሉ መድገም አለበት። ችግሩ ቅጂው እጁ ላይ ነው፤ “ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል” ብሎ የሚዘጋበት የለም። በአንዳንድ የቆዩ አካውንቶች ደግሞ ድግግሞሹ 5,000 ወይም ከዚያ በታች እንደሆነ ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በዋናው ቃል ላይ ያርፋል። `Almaz1985` ያለ ሰው ካዝናውን ከፍቶ እንደሰጠ ይቁጠረው፤ የሚገምቱት ፕሮግራሞች የሚጀምሩት ከስምና ከዓመተ ምህረት ነው። a የሚለውን በ@ መተካትንም ያውቁታል። የሚሻለው ዳይስዌር የሚባለው ዘዴ ነው። 7,776 ቃላት የያዘ ዝርዝር አለ፤ ዳይ አምስት ጊዜ ሲጣል የሚወጡት ቁጥሮች አንዱን ቃል ይመርጣሉ። ስድስት ቃላት ቢወጡ ሊሆኑ የሚችሉት ጥምረቶች ከ200 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣሉ። ሌባው ዝርዝሩን ቢያገኝ እንኳ ብዙም አይጠቅመውም። ግን ዳዩ ይምረጥ፤ ሰው ራሱ ሲመርጥ የሚወደውን ዘፈን ስንኝ ይጽፋል።

በአማርኛ ቃላት የራስዎን ዝርዝር አዘጋጅተው በላቲን ፊደል የሚጽፉ ከሆነ አጻጻፉን አስቀድመው ይወስኑ። `tsehay` ብለው መዝግበው በኋላ `tsehai` ቢሉ አይከፈትም። ኩባንያው መፍቻው ስለሌለው “ረሳሁት” ቢሉት አብዛኛውን ጊዜ ሊረዳዎ አይችልም። ስለዚህ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ከቤት ካርታና ከልደት ሰርተፊኬት ጋር ማስቀመጥ ነውር የለውም።

በካዝናው ውስጥ ያሉትን ሌሎች ቃሎች ማናጀሩ ራሱ ይፍጠራቸው፤ ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ፣ 20 ፊደል ያህል የሆነ። በአሳሹ ላይ ሲሠራ ሌላ ጥቅምም አለው፤ የሚሞላው በተመዘገበው አድራሻ ላይ ብቻ ነው። በቴሌግራም በመጣ ሊንክ ባንክዎን የሚመስል ገጽ ቢከፈትና የአድራሻው አንዱ o በ0 ቢተካ፣ ዓይንዎ ቢያልፈውም ማናጀሩ ዝም ይላል። ሰዎች የሚጎዱት ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ “ዛሬ ምን ነካው?” ብለው ቃሉን ከካዝናው ገልብጠው በእጃቸው ይለጥፉታል። እርግጥ በትክክለኛው አፕ ላይም አንዳንዴ ሳይሞላ ይቀራል። ያኔ ሊንኩን ትቶ የባንኩን አድራሻ በእጅ ጽፎ መግባት ነው፤ በዚያ ከሞላ አጠራጣሪው ሊንኩ ነበር።