መምታት ወይስ ቤት መሥራት (ባክጋሞን)

በባክጋሞን መክፈቻ ላይ «ልምታ ወይስ ቤት ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሁለተኛው ተጫዋች የመጀመሪያ ዳይሱን ሲጥል ነው። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለቱም ወገኖች በወረራው ጊዜ ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣም ጥቂት ይቆያል። በባክጋሞን ግን ግጭቱ ወዲያው ይጀምራል።

እያንዳንዱ ተጫዋች 15 ጠጠሮች አሉት። ሰሌዳው 24 ቦታዎች ሲኖሩት፣ ተጫዋቹ ከራሱ መውጫ ጀምሮ ከ1 እስከ 24 ይቆጥራቸዋል። ጨዋታው ሲጀመር 2 ጠጠሮች በ24፣ 5 በ13፣ 3 በ8፣ 5 ደግሞ በ6 ላይ ይቀመጣሉ። ሁለትና ከዚያ በላይ ጠጠሮች የያዙት ቦታ ቤት ይባላል፤ ባላጋራ ሊያርፍበት አይችልም። ብቻዋን የቆመች ጠጠር ግን ትመታለች። የተመታችው ጠጠር በሰሌዳው መካከል ወዳለው ባር ትወጣና ጉዞዋን ከመነሻው ትጀምራለች። እርሷ ሳትገባ ባለቤቷ ሌላ ጠጠር ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም።

== አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት መልስ ==

ባላጋራው በ6-3 ከፍቶ አንዷን የኋላ ጠጠር በ6 አራመደ፣ በ3 ደግሞ ከ13 ወደ 10 አንዲት ጠጠር አወረደ እንበል። አሁን መልስ ከሚሰጠው ተጫዋች በኩል ሲታይ፣ የባላጋራው አንድ ጠጠር በ7 ላይ፣ ሌላዋ በ1 ላይ ለየብቻ ቆመዋል። በ7 ላይ ያለችው ለመምታት ታጓጓለች።

መልስ ሰጪው 3-1 ቢጥል በ1 ከ8 ወደ 7 ሄዶ ሊመታ ይችላል። የተሻለው ግን ከ8 እና ከ6 አንዳንድ ጠጠር ወደ 5 አምጥቶ ቤት መሥራት ነው። 5ኛው ቦታ በመክፈቻ ላይ ከሁሉም የሚፈለገው ነው፤ ከ6 እና ከ8 ጋር ሆኖ የባላጋራውን የኋላ ጠጠሮች መንገድ ያጠባል፣ ወደፊት ለሚመቱት ጠጠሮችም አንድ ተጨማሪ መግቢያ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ በሰሌዳው ላይ ብቻዋን የቀረች የራስ ጠጠር የለችም። በ7 ላይ ያለችው ጠጠር ብታመልጥ እንኳ ቤቱ ይቀራል።

ዳይሱ 6-4 ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል። በዚህም ቤት መሥራት ይቻላል፦ ከ8 እና ከ6 ወደ 2። ሙሉ በሙሉ ደኅና ነው፣ ጀማሪም ይወደዋል። ሆኖም 2ኛው ቦታ እጅግ ጥልቅ ነው። በእርሱና በ6 መካከል 3፣ 4 እና 5 ባዶ ስለሚቀሩ የሚዘጋው ነገር ጥቂት ነው፤ ሁለት ጠቃሚ ጠጠሮችም ከጨዋታው ዳር ይወጣሉ። ባላጋራው ደግሞ ሙሉ ተራ አግኝቶ የተበተኑትን ጠጠሮቹን ያጣምራል። ስለዚህ በ6 ከ13 ወደ 7 ሄዶ መምታት፣ በ4 ደግሞ ከ24 ወደ 20 መውጣት ይመረጣል።

ይህ ምት ዋጋ አለው። በ7 ላይ የቀረችውን ጠጠር ባላጋራው ከ36ቱ የዳይስ አጋጣሚዎች በ16ቱ መልሶ ይመታታል። ከ1 ተነሥቶ በ6 የሚመታባቸው 10 አጋጣሚዎች አሉ (6 ከ1፣ ከ2፣ ከ3፣ ከ4 ወይም ከ5 ጋር ሲመጣ፣ በሌላው ቁጥር ከባር ይገባል)። 5-2 እና 4-3 እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይጨምራሉ፤ 3-3 እና 2-2 ደግሞ አንድ አንድ። 6-6 ግን አይገባም፣ 6ኛው ቦታ ዝግ ነውና።

የእርምጃ ሒሳቡም ወደ መቺው አያደላም። የባላጋራው ጠጠር በመመታቷ የምታጣው 7 እርምጃ ብቻ ነው፤ የመቺው ጠጠር በ7 ላይ ብትመታ ግን 18 ታጣለች። እንግዲህ የምቱ ጥቅም በውድድሩ ላይ ሳይሆን በጊዜ ላይ ነው፦ ባላጋራው ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ለመግባት ስለሚያጠፋ በ10 ላይ ባወረዳት ጠጠር ቤት የሚሠራበት ዕድል ይቀንሳል።

መልስ ሰጪው 6-1 ከጣለ ምርጫ የለም፤ ከ13 እና ከ8 ወደ 7 መጥቶ ይመታልም፣ ቤትም ይሠራል።

== ምርጫው መቼ ይለወጣል ==

ፖል ማግሪል በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ባክጋሞን» በተባለው መጽሐፍ ደፋርና ጥንቁቅ አጨዋወትን ከሚለዩት መመዘኛዎች መካከል የባላጋራውን የውስጥ ሜዳ ጥንካሬ ያነሣል። ከላይ ባለው ምሳሌ ባላጋራው በውስጥ ሜዳው የያዘው 6ኛውን ብቻ ስለሆነ ተመትቶ መግባት ቀላል ነው። እርሱ ቀድሞ 5ኛውንና 4ኛውን ቢሠራ ኖሮ ያው የ16 አጋጣሚ አደጋ እጅግ ይከብድ ነበር። የራስ ቤት በባላጋራው ሜዳ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ20 ላይ፣ ካለ ግን የተመታች ጠጠር ሁልጊዜ ማረፊያ ስላላት ድፍረቱ ይጨምራል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው «ብቻዋን የምትቀር ጠጠር አትኑር» በሚል ሐሳብ ሲሆን፣ ስሕተቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፦ አምስት ወይም ስድስት ተራ ካለፈ በኋላ የእርሱ ጠጠሮች በ2 እና በ3 ላይ ተከምረው፣ የባላጋራው ደግሞ በ5ኛው ላይ ቤት ሠርተው ተቀምጠው ይገኛሉ።