ስለ ራስ የተጻፈ የስኮላርሺፕ ድርሰት ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ

ውጭ አገር ለመማር የነጻ ትምህርት ዕድል የሚጠይቅ ሰው ከትምህርት ማስረጃውና ከድጋፍ ደብዳቤዎቹ ጋር ስለ ራሱ የጻፈውን አጭር ድርሰት ያስገባል። ፐርሰናል ስቴትመንት የሚባለው ይህ ነው። የአሜሪካው ፉልብራይት ከጥናት ዕቅዱ ለይቶ ይጠይቀዋል፤ የብሪታንያው ቺቭኒንግ በተለያዩ ጥያቄዎች ከፋፍሎ ያጽፈዋል፤ የጀርመኑ ዳአድ የሞቲቬሽን ደብዳቤ ይለዋል። መልኩ ቢለያይም መራጮቹ ማወቅ የሚፈልጉት አመልካቹ እስካሁን ምን እንደሠራ፣ ትምህርቱን ለምን እንደፈለገና በተማረው ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ነው። ይህን በአማርኛ አስቦና ጽፎ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስመልስ ሰው ሰዋስውን የሚያርምለት አያጣም። የሚያስቸግረው ትሕትናው ነው።

በአማርኛ ስለ ራስ መናገር ቀላል የሚሆነው ቋንቋው ራሱ ስለሚያግዝ ነው። ሠሪው በግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚታወቅ «ሠራሁ» ለማለት «እኔ» ማለት አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ግን በየዓረፍተ ነገሩ «አይ» ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ይህ ሲደጋገም ጉራ ስለሚመስለው «ተሠራ»፣ «ተደረገ» ወደ ማለት ይሸሻል፤ አለዚያም «እኛ» ይላል። እንግሊዝኛ አንባቢው በበኩሉ «አይ» የሚለውን ቃል እንደ ትምክሕት አይሰማውም። ሠሪው ሲደበቅበት ግን ሥራው የማን እንደሆነ ያጣዋል፤ እሱ ደግሞ የሚመርጠው ሰውን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ለሕዝብ ጤና ማስተርስ አመለከተች እንበል። በአማርኛ ረቂቋ ላይ «በጤና ጣቢያችን የነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል እንዲሻሻል አቅሜ በፈቀደ መጠን የበኩሌን ጥረት አድርጌአለሁ» ብላ ጽፋለች። በአማርኛ ጨዋና ሙሉ ንግግር ነው። ቃል በቃል ሲመለስ ግን «አቅሜ በፈቀደ መጠን» የሚለው አቅም ማነስን እንደ ማመን ይሰማል፤ «ጥረት አድርጌአለሁ» የሚለውም ሞክራ እንዳልተሳካላት ያስመስላል። አንባቢው ትሕትናዋን ሳይሆን ድክመቷን ይዞ ያልፋል።

ብዙ ተርጓሚዎች ይህን ሲፈሩ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ። ነርሷን «ፓሽኔት» ያደርጓታል፣ «ሊደር» እና «ቼንጅ ሜከር» ይሏታል፣ የወረዳውን የጤና አገልግሎት ብቻዋን የለወጠች ያስመስሏታል። ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። እነዚህ ቃላት በየማመልከቻው ስለሚገኙ መራጩ ሳያያቸው ያልፋቸዋል፤ የእሷ የሆነው ድምፅም አብሮ ይጠፋል። ከዚያም በላይ ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ የሚቀርቡላት ጥያቄዎች ከዚያው ድርሰት የሚወጡ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያለችውና ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት የተለያዩ ከሆኑ ጠያቂዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

መፍትሔው ከሁለቱ መካከል ያለ ለስላሳ ቅጽል መፈለግ አይደለም። ቅጽሉን ትቶ ሥራውን መናገር ነው። ለዚህ ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ነርሷን መጠየቅ አለበት፦ ጥረቱ ምን ነበር? ማን ጀመረው? ከማን ጋር ተሠራ? በስተመጨረሻ ምን ተለወጠ? ስትጠየቅ የምትመልሰው ብዙ ጊዜ ከረቂቋ ይበልጣል። እናቶች አንድ ጊዜ መጥተው እንደሚቀሩ ስላስተዋለች የቀሩትን ስምና ቀበሌ በአንድ ደብተር መመዝገብ ጀመረች። በየሳምንቱ ዓርብ ዝርዝሩን ለሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትሰጣለች፤ እነሱ ቤት ለቤት ሄደው ይጠይቃሉ። በ6 ወር ውስጥ በደብተሩ ከሰፈሩት 40 እናቶች 27ቱ ተመልሰው መጡ።

አሁን እንግሊዝኛው በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሊጻፍ ይችላል። የቀሩትን እናቶች የምመዘግብበት ደብተር ጀመርኩ፤ ቤት ለቤት የሄዱት ሁለቱ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ከ40ዎቹ 27ቱ ተመለሱ። ደብተሩ የእሷ፣ እግሩ የእነሱ መሆኑ ተለይቷል። «እኛ» የሚለው ቃል በጅምላ ያደርገው የነበረውን ድርሻ ማካፈል ይህ በዝርዝር ያደርገዋል፤ ትሕትናዋም ሳይቀነስ እንግሊዝኛ አንባቢ በሚገባው መልክ ይተላለፋል። 13ቱ ለምን እንዳልተመለሱ ካላወቀችና ለመማር ያነሳሳት ይኸው ከሆነ፣ ያም ሳይሸፈን መጻፍ አለበት። በድርሰቱ ውስጥ ከዚህ የጠነከረ ዓረፍተ ነገር አይገኝም።

ድምፅ የሚጠፋው በትላልቅ ቃላት ብቻ አይደለም። ነርሷ ስለ አለቃዋ ስትጽፍ «ሲስተር» ብላ፣ ግሡንም በአክብሮት «አሉኝ» ብላ ትጽፋለች። አክብሮቱ በእንግሊዝኛ ግሥ ላይ ቦታ የለውም። «ሲስተር» እንዳለ ከተላለፈም ብዙ አንባቢ መነኩሲት ወይም እኅት ይመስለዋል። ስለዚህ የሥራ መጠሪያዋ ተጽፎ አክብሮቱ ከእሷ የተማረችውን አንድ ነገር በመጥቀስ ይገለጻል። «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ» የሚለውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር መብራራት ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተጀመረና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች በየቀበሌው የሚሠሩበት መሆኑን ውጭ ያለ አንባቢ ላያውቅ ይችላል።

ጊዜም እንዲሁ ያሳስታል። «በ2012 ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቋረጠ» የሚለው በመዝገበ ቃላት ብቻ ከተመለሰ «የ2012 ዊንተር» ይሆናል። አንባቢው በረዶና ታኅሣሥን ያስባል፤ ዓመቱም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ትክክለኛው የ2020 የዝናብ ወቅት ነው። ዓመት ሲቀየር ወሩ መታየት አለበት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይደመራል። ይህ ሲዘነጋ በድርሰቱ ያለው ቀን ከትምህርት ማስረጃው ጋር ይጋጫል፤ ሐቀኛ አመልካችም ያልዋሸችውን እንደዋሸች ልትቆጠር ትችላለች።

የቃላት ገደቡን ቀድሞ ማሰብም ይጠቅማል። «አልመለሰችልኝም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሰባት ይሆናል። ሁሉም እንዲህ ባይበዛም 500 ቃል የሞላ የአማርኛ ረቂቅ ሲተረጎም ከገደቡ በብዙ ያልፋል፤ በመጨረሻ ሰዓት ሲቆረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ደብተሩና ዓርቡ ነው፣ የሚቀረው አጠቃላይ ንግግር። ረቂቁን ከመጀመሪያው ወደ 300 ቃል አሳጥሮ አንድ ሥራ ብቻ በደንብ መተረክ ይሻላል። ምሳሌያዊ አነጋገሮችም እዚሁ ላይ ይቀነሳሉ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ይናገራል፣ በእንግሊዝኛ ግን ቦታ ከመያዝ በቀር የነርሷን ሥራ አይገልጽም።

ትርጉሙ ሲያልቅ የመጨረሻው ፈተና በቃል የሚደረግ ነው። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ መልሶ ይነግራታል፤ እሷም ረቂቋን ሳታይ ታዳምጣለች። «እንዲህስ አላልኩም» ያለችበት ቦታ ይታረማል። በሥራ ባልደረቦቿ ፊት ልትናገረው የምታፍርበት ዓረፍተ ነገር ካለም ይወጣል፤ ያፈረችው በ«አይ» ብቻ ከሆነ ግን ይቀራል። ተርጓሚው ያላለችውን ስኬት ከጨመረ ሥራው ትርጉም መሆኑ ቀርቶ ድርሰት መጻፍ ይሆናል። ማመልከቻው ላይ የሚሰፍረው የነርሷ ስም ነውና የሚጠየቅበትም የእሱ ሳይሆን የእሷ ነው።