ዳሽቦርዱ ሲዘገይ፦ የማጠቃለያ ሠንጠረዥ እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባ 20 ቅርንጫፎች ያሉት አንድ የመድኃኒት ቤት ድርጅት እናስብ። ቅርንጫፎቹ ሌትና ቀን ክፍት ናቸው፤ እያንዳንዱ በቀን በአማካይ 500 ደረሰኝ ይቆርጣል። አንዱ ደረሰኝ በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ ይይዛል። ይህ በቀን 10,000፣ በአምስት ዓመት ደግሞ ከ18 ሚሊዮን በላይ ረድፍ ይሆናል።

ሥራ አስኪያጁ የአምስቱን ዓመት ሽያጭ በየቅርንጫፉ የሚያሳየውን ዳሽቦርድ ሲከፍት፣ ዳታቤዙ 18 ሚሊዮኑን ረድፍ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ይደምራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ ያንኑ ገጽ ስትከፍት ድምሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አሥር ሰው ከከፈተው ያው ድምር አሥር ጊዜ ይሠራል። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በአንድ ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ ደረሰኝ ለመቁረጥ የሚጠብቀው ካሸርም አብሮ ይጉላላል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ኢንዴክስ መጨመርን ነው። የሚፈለገው የትናንት ሽያጭ ብቻ ከሆነ ልክ ናቸው፤ በቀን የተሠራ ኢንዴክስ 10,000ዎቹን ረድፎች ነጥሎ ያወጣል። የአምስት ዓመት ድምር ሲጠየቅ ግን ሁሉም ረድፍ መነበቡ ስለማይቀር ኢንዴክሱ ብዙም አይረዳም። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ጥያቄውን `EXPLAIN ANALYZE` አስቀድሞ ማስኬድ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ውጤቱ በትልቁ ሠንጠረዥ ላይ `Seq Scan` ካለና አብዛኛው ጊዜ እዚያ ካለቀ፣ መፍትሔው የሚነበበውን ነገር ማሳነስ ነው።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚጠቀም ነጋዴ ሁሉ ይህን አሠራር ያውቀዋል። በቀኑ መጨረሻ የዜድ ሪፖርት ያወጣል፤ የወሩን ሽያጭ ለማወቅ ሲፈልግ ሪፖርቶቹን ይደምራል እንጂ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም። የማጠቃለያ ሠንጠረዥም ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየቀኑ አንድ ረድፍ ይይዛል፤ ቀኑን፣ ቅርንጫፉን፣ የደረሰኙን ብዛትና ጠቅላላ ብሩን። ሃያ ቅርንጫፍ በአምስት ዓመት 36,500 ረድፍ ገደማ ብቻ ይኖረዋል። ዳሽቦርዱ ከ18 ሚሊዮን ይልቅ ይህን ሲያነብ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ፍጥነቱ የሚገኘው በቀላሉ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ማጠቃለያው እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ለዚህም የመጀመሪያው ውሳኔ በምን ደረጃ ይጠቃለል የሚለው ነው። አንዳንዶች ረድፍ ለመቆጠብ በፈረንጆች ወር ያጠቃልላሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 በሚጀምርበት አገር ይህ አያዋጣም፤ የሐምሌ ወር ሽያጭ ከጁላይና ከኦገስት ድምር ተቆርጦ ሊወጣ አይችልም። በቀን የተጠቃለለ ግን ወደ መስከረምም ወደ ሴፕቴምበርም ይደመራል፤ ጳጉሜንንም ለብቻ ማየት ይቻላል።

ቀኑ ራሱ የት እንደሚጀምርም መወሰን አለበት። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ቀናቸው የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ካልታረመ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሸጠው መድኃኒት ሁሉ በትናንቱ ሒሳብ ይገባል፤ ሌሊት ለሚሠራ መድኃኒት ቤት ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው በሠንጠረዡ ውስጥ ምን ይቀመጥ የሚለው ነው። አማካይ ማስቀመጥ ወጥመድ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ 900 ደረሰኝ በአማካይ በ200 ብር፣ ሌላው 100 ደረሰኝ በአማካይ በ600 ብር ቆረጠ እንበል። የሁለቱ አማካዮች አማካይ 400 ብር ነው። ጠቅላላው ሽያጭ ግን 240,000 ብር፣ ደረሰኙም 1,000 ስለሆነ ትክክለኛው አማካይ 240 ብር ነው። ስለዚህ ድምርና ብዛት ይቀመጣሉ፤ ማካፈሉ በመጨረሻ ይሠራል። የተለያዩ ደንበኞች ብዛትም በቀን ተቆጥሮ አይደመርም፤ ሰኞና ሐሙስ የመጣ አንድ ሰው በሳምንቱ ድምር ሁለት ሰው ይሆናልና። እሱ ለብቻው ከደረሰኞቹ መቆጠር አለበት።

አሁን ወደ እድሳቱ እንምጣ። በየ15 ደቂቃው 18 ሚሊዮን ረድፍ ከደመርን ችግሩን ቦታ ቀየርነው እንጂ አልፈታነውም። አሮጌዎቹ ቀናት ስለማይለወጡ የሚታደሱት የቅርቦቹ ብቻ ናቸው። ዛሬን ብቻ ማደስ ግን አይበቃም፤ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ቅርንጫፍ የትናንቱን ሽያጭ ዛሬ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ዛሬንና ያለፉትን ሦስት ቀናት አጥፍቶ እንደገና መደመር ጥሩ ልማድ ነው፦

```sql
BEGIN;
SET LOCAL timezone = 'Africa/Addis_Ababa';
DELETE FROM daily_sales
 WHERE sale_day >= current_date - 3;
INSERT INTO daily_sales
SELECT sold_at::date, branch_id, count(*), sum(amount)
  FROM sales
 WHERE sold_at >= current_date - 3
 GROUP BY 1, 2;
COMMIT;
```

ሁለተኛው መስመር ቀኑ በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲጀምር ያደርጋል፤ የሽያጩ ሰዓት `sold_at` ግን `timestamptz` በሚባለው ዓይነት መመዝገብ አለበት። `BEGIN` እና `COMMIT` ማጥፋቱንና መሙላቱን አንድ ሥራ ያደርጉታል፤ በመሐል ዳሽቦርዱን የከፈተ ሰው የቀድሞውን ቁጥር ያያል እንጂ ባዶ ገጽ አይጠብቀውም። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥም አሮጌው እንዳለ ይቆያል። በ`sold_at` ላይ ኢንዴክስ ካለ የሚነበበው 40,000 ረድፍ ገደማ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ በቀንና በቅርንጫፍ ዋና ቁልፍ ሊኖረው ይገባል፤ ያኔ አንድ ቀን በስሕተት ሁለት ጊዜ ሊገባ ቢሞክር ዳታቤዙ ራሱ ይከለክለዋል።

ይህን ሥራ በሰዓቱ የሚያስነሳው የሰርቨሩ ክሮን ወይም በፖስትግሬስ ውስጥ የሚሠራው `pg_cron` ነው፤ `*/15 * * * *` ማለት በየ15 ደቂቃው ማለት ነው። ፖስትግሬስ ከ2013 ጀምሮ ማቴሪያላይዝድ ቪው የሚባል የራሱ ማጠቃለያም አለው። እሱን ማዘጋጀት ይቀላል፤ ግን በታደሰ ቁጥር ሁሉንም ከመጀመሪያው ስለሚደምር እንዲህ ላለ ትልቅ መዝገብ በሌሊት አንድ ጊዜ ለማደስ ይሆናል እንጂ በየሩብ ሰዓቱ ለማደስ አይመችም።

ከሁሉ የሚከፋው ብልሽት ድምፅ የሌለው ነው። ክሮኑ ማክሰኞ ቢቆም ዳሽቦርዱ አይወድቅም፤ የማክሰኞን ቁጥር ሐሙስም በልበ ሙሉነት ያሳያል። መከላከያው መጨረሻ የታደሰበትን ሰዓት መዝግቦ በገጹ አናት ላይ ማሳየትና ከ30 ደቂቃ ካለፈ ለኃላፊው መልእክት እንዲላክ ማድረግ ነው። ሌላው ብልሽት ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ ለውጥ ነው፤ ለምሳሌ ከወር በፊት የተቆረጠ ደረሰኝ ሲሰረዝ ማጠቃለያው አያውቅም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ሌሊት ሠንጠረዡን በሙሉ እንደገና መሙላትና የወሩን ድምር ከዋናው መዝገብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ ምክንያቱ ሳይታወቅ መታለፍ የለበትም።

ይህ ዘዴ ለሁሉም አይሆንም። ፋርማሲስቱ መደርደሪያው ላይ ስንት ፍሬ መድኃኒት እንደቀረ ማወቅ ሲፈልግ የ15 ደቂቃ መዘግየት የሌለ መድኃኒት ያሸጠዋል፤ እሱ ከዋናው መዝገብ በቀጥታ መነበብ አለበት። በመድኃኒት ዓይነት የተለየ ሪፖርት የሚፈልግም በቅርንጫፍ ብቻ ከተጠቃለለው ሠንጠረዥ አያገኘውም። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከመሥራታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን የሚጠቀሙትን ሰዎች ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቁጥሩ ስንት ደቂቃ ቢዘገይ ሥራችሁ አይበላሽም? በምን በምን ለይታችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? የእድሳቱ ሰዓትም የሠንጠረዡም ቅርጽ የሚወሰኑት በእነዚህ ሁለት መልሶች ነው።