ለእድር አዲስ አባል የሚሰጥ ግማሽ ገጽ

አንድ ሰው አዲስ ሰፈር ገብቶ እድር ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ የሚረከበው የመዋጮ ደብተሩንና የመተዳደሪያ ደንቡን ቅጂ ነው። ደብተሩ በየወሩ ይወጣል ይገባል። ደንቡ ግን ከቤት ካርታና ከልጆች ልደት ወረቀት ጋር ይታሰርና ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚገለጠውም ቤቱ ሰው የሞተ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት አንቀጽ 14ን ከንዑስ አንቀጹ ጋር አንብቦ የሚረዳ ሰው የለም። «ድንኳኑ መች ይመጣል? ገንዘቡ ስንት ነው? ለማን ልደውል?» የሚለውን የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱም የሚመልስለት የሰማውን ያህል ነው።

ለዚህ መፍትሔው ከደንቡ ጋር አብሮ የሚሰጥ ግማሽ ገጽ የእንኳን ደህና መጡ ጽሑፍ ነው። ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ከሰላምታ አያልፉም። እድሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማን እንደ መሠረተው፣ መረዳዳት ነባር ባህላችን መሆኑን ዘርዝረው ያበቃሉ። አዲሱ አባል ይህን ሳያውቅ አልገባም። ማወቅ ያለበት ሐዘን ሲደርስበት ምን እንደሚያገኝና ሌላው ሲያዝን ከእሱ ምን እንደሚጠበቅ ነው። ምሳሌ እንዲሆን አንዱን እዚህ እናስቀምጠው፤ ቁጥሮቹ ከእድር እድር ይለያያሉ፤ እናንተ በራሳችሁ ትተካላችሁ።

«እንኳን ወደ እድራችን በደህና መጡ። የዚህ እድር ሥራ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ቀብሩን ማስፈጸምና ሐዘንተኛውን ብቻውን አለመተው ነው። የሚሸፈኑት በቅጹ ላይ በስም ያስመዘገቧቸው የትዳር ጓደኛዎ፣ ልጆችዎ፣ እናትና አባትዎ እንዲሁም የትዳር ጓደኛዎ እናትና አባት ናቸው። ልጅ ሲወለድ፣ ትዳር ሲመሠረት ወይም ሲፈርስ መጥተው ያስመዝግቡ። ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ 3 ወር እስኪሞላ ገንዘብ አይከፈልም፤ ድንኳንና ዕቃ ግን ይሰጣል፣ አባላትም ይመጣሉ። የወር መዋጮው 100 ብር ነው፤ የሚከፈለውም ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ቤትዎ ሐዘን ሲደርስ በማንኛውም ሰዓት ለጸሐፊው ወይም ለለፋፊው ይደውሉ፤ ስልካቸው ከታች አለ። ሌላ ቤት ሐዘን ሲደርስ ቀብር ይውጡ፤ ካልቻሉ አስቀድመው ያሳውቁ። የድንኳን ተራዎ ሲደርስ ለመትከልም ለመንቀልም ይገኙ። በእድሩ መድረክ የፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር አይነሣም። ያልገባዎትን ዛሬውኑ ይጠይቁን።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጠብ የሚያስነሣው የ3 ወሩ ነገር ነው። አንድ ሰው ጥቅምት 5 ተመዘገበ እንበል። ታኅሣሥ 20 ቀን የባለቤቱ እናት አገር ቤት አረፉ። ሰውየው መግቢያውን ከፍሏል፣ የጥቅምትና የኅዳር መዋጮውንም ጨርሷል፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም አባል የሚገባኝ አለ ብሎ ይመጣል። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ገልጦ «3 ወር የሚሞላው ጥር 5 ነው» ይለዋል። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሆኖም ለሐዘንተኛ በዚያን ቀን ሲነገረው እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። ሰውየው ከእድሩ ባይወጣ እንኳ ይቀየማል፤ ቂሙም ለሰፈሩ ይተርፋል።

የመጠበቂያ ጊዜው ያለ ምክንያት አልገባም። ቤቱ ውስጥ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሕመምተኛ ያለው ሰው ሮጦ እድር ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው በዛ ማለት ለዓመታት ያዋጡት ነባር አባላት ካዝና በአንድ ክረምት ተራቆተ ማለት ነው። አዲስ አባል ይህ ቢነገረው ይገባዋል፤ የሚያስቆጣው ቀድሞ አለመነገሩ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ይህን መስመር ከግርጌ በደቃቅ ፊደል እንዲቀመጥ መፍቀድ የለበትም። «ገንዘብ አይከፈልም» ከሚለው አጠገብ «ድንኳንና ዕቃ ግን ይሰጣል፣ አባላትም ይመጣሉ» የሚለው የተጻፈውም ለማባበል አይደለም። አብዛኛው ሐዘንተኛ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለቅሶ የሚቀመጥበት ጥላ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ድስት ነው፤ እነዚህን የማይከለክል እድር ይህንኑ በግልጽ ይናገር። የሚከለክል ከሆነም እንደዚያው በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የስም ዝርዝሩ ነው። «ቤተሰብ ይሸፈናል» ብሎ ማለፍ ለጊዜው ይቀላል። ቆይቶ ግን እቤት ያደገው የወንድም ልጅ ይመጣል፣ የእንጀራ እናት ትመጣለች፣ አሥር ዓመት አብራ የኖረች የቤት ሠራተኛ ትመጣለች። አንዱ የኮሚቴ አባል «ይከፈል»፣ ሌላው «አይከፈል» ይላል፤ ለአንዱ የተከፈለው ለሌላው ሲቀር አድልዎ ተደረገ ይባላል። ዝምድናውን አንድ በአንድ መጥራትና በስም የተመዘገበ ብቻ እንደሚሸፈን መናገር ይህን ያስቀራል። አዲስ አባል ሲመዘገብ ቅጹን ራሱ ቢሞላውና ስሞቹን ጮክ ብሎ ቢያነብባቸው ደግሞ የተሻለ ነው፤ የረሳው እናቱ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ገንዘብ የማይከፈል ከሆነ፣ ማለትም ለአባሉ ራሱ አንድ መጠን፣ አገር ቤት ለሚሞት ወላጅ ሌላ መጠን ከሆነ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ይግቡ። በጣም ረዥም ከሆነ ግን ዝርዝሩ ከጀርባው ይታተም።

የመግቢያ ክፍያ በምሳሌው ውስጥ ያልገባው አባሉ ያን ጽሑፍ ሲያገኝ ከፍሎ ስለሚጨርስ ነው። ሲከፍል ግን በአፍ ሊብራራለት ይገባል። አዲስ ገቢ «ነባሩ 100 ብር እየከፈለ እኔ ስለ ምን 4,000 ተጠየቅሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው፦ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ በባንክ ያለው ገንዘብ ተደምሮ 600,000 ብር ቢሆንና አባሉ 150 ቢሆን የአንዱ ድርሻ 4,000 ይወጣል። እሱ ሲገባ የዚያ ሁሉ ተካፋይ ይሆናል። ሒሳቡን የማያሳይ ኮሚቴ ገንዘቡ ወዴት ሄደ ተብሎ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ሥርዓቱ እንምጣ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መስመር «ቀብር ይውጡ» የሚለው ነው፤ ለአጻጻፍም ከሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ብዙ እድሮች በቀብር ቦታ ስም ይጠራሉ፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ቅጣቱ ሰውን ቀብር ላይ ያመጣል፣ ግን ሌላ ነገርም ያስተምራል፦ ስም አስጠርቶ መጥፋትን። ስም ጠሪው ደብተሩን ሲዘጋ የሰው ግማሽ መኪናው ውስጥ ነው። ሐዘንተኛው ድንኳን ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ሕጉ አልተጣሰም፤ የእድሩ ሥራ ግን አልተሠራም። ስለዚህ ለአዲስ አባል የቅጣቱን መጠን ብቻ መንገር ሕጉን ማምለጫ መንገድ ማሳየት ነው። የሚሻለው በቀጥታ «ከቀብር መልስ ድንኳን ገብተው ጥቂት ይቀመጡ» ማለት ነው። ይቺን ዐረፍተ ነገር በጽሑፉ ላይ የጨመረ ጸሐፊ ደግ ሠራ እላለሁ።

የሰዓቱ ጉዳይም አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ በሚገኙባቸው እድሮች የቀብር ሰዓት አንድ ዓይነት አይደለም። የሙስሊም ጀናዛ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ይቀበራል፤ ሌሊት ያረፈ ሰው ለቀትር ሳይደርስ ሊሸኝ ይችላል። የክርስቲያኑ ደግሞ ሩቅ ያለ ዘመድ እስኪደርስ ለማግስቱ ሊያድር ይችላል። አዲስ የገባ ሰው ይህን ካላወቀ «ከሥራ ስወጣ እደርሳለሁ» ይልና ያመልጠዋል። በእንዲህ ያለ እድር አንድ መስመር መጨመር ነው፦ ጥሪው እንደ ደረሰዎ ይነሡ፣ ሰዓቱን ከለፋፊው ይጠይቁ። ለፋፊው ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ እየነፋ በየመንደሩ ቢዞርም፣ እንደ ዛሬው በስልክ ቢደውልም፣ ጥሪው የሚደርሰው አድራሻው ለታወቀ ሰው ነው። ስልኩን ቀይሮ ሳያስመዘግብ «አልሰማሁም» የሚለውን አባል ያላየ የእድር ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም።

ድንኳን መትከል ላይ ሁሉም ይመጣል፤ ሲነቀል ግን ሰው የለም። ዕቃ የሚጎድለውም ያን ጊዜ ነው። ሰሃንና ብርጭቆ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ካልተመለሰ ጉድለቱ ሐዘንተኛው ላይ ይወድቃል፤ ወጥቶ የነበረው 120 ሰሃን ሆኖ 113 ቢመለስ ሰባቱን ማን እንደሚከፍል የሚጨቃጨቁት አፈሩ ባልደረቀ መቃብር ማግስት ነው። «ለመትከልም ለመንቀልም» የሚለው ሐረግ እንደ ድግግሞሽ ቢመስልም ሊቀነስ የማይገባው ለዚህ ነው።

ውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያውያን እድሮች ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ የመጀመሪያውን መስመር መቀየር አለባቸው። እዚያ ትልቁ ወጪ ድንኳን ሳይሆን አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ወይም እዚያው ማሳረፍ ነው። አባሉ የትኛው እንደሚሸፈን፣ ገንዘቡ ለቀብር አስፈጻሚው በቀጥታ ይከፈል ወይስ ለቤተሰቡ ይሰጥ፣ አገር ቤት የሞተ ወላጅ ይቆጠር እንደሆነ ሲገባ ማወቅ አለበት። ቀሪው፣ ማለትም የመጠበቂያ ጊዜው፣ የስም ዝርዝሩና ለማን እንደሚደወል፣ ያው ነው።

ጽሑፉ ላይ የማይገቡትም አሉ። የኮሚቴ ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድ፣ እድሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን፣ ደንቡ እንዴት እንደሚሻሻል የመሰሉት ደንቡ ውስጥ ይቆዩ። ማስፈራሪያም አያስፈልግም፤ መዋጮ በተከታታይ ያልከፈለ እንደሚሰረዝ በአንድ መስመር መናገር ይበቃል፣ ያውም ስንት ወር እንደሆነ ተጠቅሶ። ፊደሉ ተለቅ ይበል፤ ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች የሚያነቡት ነው። ማንበብ የማይችል አባልም ስላለ በወር ስብሰባው ላይ አዲሶቹ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ።

የእድር ጸሐፊ ከሆኑ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ጽሑፍዎን ቅርብ ጊዜ ለገባ አንድ አባል ይስጡትና አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ዛሬ ሌሊት እናትህ ቢሞቱ ለማን ትደውላለህ፣ ምን ታገኛለህ፣ ነገ ጎረቤትህ ቢሞት የት ትገኛለህ? አንዱን እንኳ መመለስ ካቃተው ጽሑፉን እንደገና ይጻፉት።