እንግዳው በየትኛው ቀን ይምጣ?

ቡና ላኪ ድርጅት ጀርመናዊ ደንበኛውን ሲጋብዝ የሚልከው ኢሜይል ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዱ እንግዳው፣ ሌላው ቪዛውን የሚመረምረው ባለሙያ። ስለዚህ «ለሥራ ጉብኝት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «ይርጋጨፌ ላይ እሸት ቡና ሲታጠብ ለማየት፣ ናሙና ለመቅመስና ስለ ውሉ ለመነጋገር» ሲባል ግን የንግድ ቪዛ ለምን እንደተጠየቀ ወዲያው ይገባል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ቀኑ ላይ ነው። እኛ ከኅዳር 8 እስከ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ያልነው በእንግዳው አቆጣጠር ከኖቬምበር 17 እስከ 21 ቀን 2025 ነው። ኅዳርን ኖቬምበር ብሎ ቁጥሩን እንዳለ የተወ ጸሐፊ እንግዳውን ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ይጠራዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእሱ 9 ሰዓት ነው።

መስተንግዶው ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ቦሌ ማን ይቀበለዋል? ሆቴሉንና እስከ ሐዋሳ ያለውን በረራ ማን ይከፍላል? ከአገሩ የሚመጣበትን ቲኬትስ? «እንግዳችን ነዎት» ብቻ ከተባለ ሁሉም ወጪ የተሸፈነለት ሊመስለው ይችላል። «የአገር ውስጡን እኛ እንችላለን፣ የውጭ አገሩ ቲኬት በእርስዎ ነው» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።